ሆድ ደርቆ ሲነፋ፤ ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ በምሳ ገበታ ላይ የሚነበብ አይደለም። ምሳዎን ጨርሰው እንደ ሆነ ግን ይቀጥሉ። የምንነጋገረው ስለ ዓይነ ምድር ነው። ሰው ራሱን ሲያመው ለባልንጀራው ያወራል፤ ጥርሱን ሲያመውም ለአለቃው ነግሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ሆዱ ደርቆ አራት ቀን ሙሉ መጸዳጃ ቤት እየገባ በባዶ ሲመለስ ግን ለማንም አይናገርም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዝምታ ከጥቂት ቀን ጭንቀት በቀር የሚያመጣው ጉዳት የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ሰው ይገድላል። ሁለቱን ለመለየት የምትረዳ አንዲት አጭር ጥያቄ አለች። እኔ ያወቅኋት በሰፈሬ በሲኤምሲ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት ሳምንት ልዩነት ከታመሙ ሁለት ሰዎች ነው።

ሲኤምሲን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙም በዚያ ቤቶች ከሠራው የጣሊያን የሥራ ተቋራጭ የቀረ ነው። ትላልቅ ቪላዎች አሉበት፤ ከቪላዎቹም ጀርባ ለተማሪና ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚከራዩ አንዳንድ ክፍሎች አሉ። ከነዚህ ክፍሎች በአንዱ የሚኖር የ24 ዓመት ወጣት አውቃለሁ። በከተማው መካከል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራል፤ በማታም ይማራል።

የዚህን ወጣት አንድ ቀን አብረን እንከተለው፤ ምናልባት የእርስዎንም ቀን ይመስል ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። ታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝምበት 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከቤቱ ወጥቷል። ቁርሱ በመንገድ ዳር የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ነጭ ዳቦ ነው። ምሳው ፓስታ ወይም ሩዝ ነው፤ ርካሽ ነውና። እራቱን ከትምህርት ሲመለስ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በሽሮ ይበላል። ውሃስ? ውሃ አይጠጣም። ምክንያቱንም ሲነግረኝ አፍሮ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ብዙ ጊዜ ውሃ የለውም፣ በሩም አይዘጋም። ስለዚህ ወደዚያ ላለመግባት ሲል መጠጣቱን ትቷል፤ ሆዱ ሲጠራውም «ማታ ቤቴ» እያለ ያሳልፈዋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ፈተና ደርሶበት ሌሊት ጫት እየቃመ ያጠና ነበር። ጫቱ ጨጓራውን ሲያቃጥለውም ከፋርማሲ የሚታኘክ ክኒን ገዝቶ ይወስዳል።

ሐሙስ ማታ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሲስተር ዘንድ መጣ። ሲስተር ብዙ ዘመን በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ መጠሪያ ነው። እኔም ለሌላ ጉዳይ ከእርሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ወጣቱ እኔን አይቶ ሊመለስ ቃጣው። ሲስተር ግን «ተቀመጥ ልጄ፤ ይኼ ሰውዬም አንጀት አለው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከወጣ አምስተኛ ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቀን እንደምንም አምጦ የወጣው ነገር የፍየል በጠጥ የመሰለ፣ ትንንሽና ድንጋይ የሆነ ነው። ሆዱ ከምሳ በኋላ ይነፋና ሱሪው ይጠበዋል፤ ወደ ማታም ይጎረብጠዋል። ሲስተር ሁሉን አዳምጠው ሲያበቁ የጠየቁት ስለ ምግቡ አልነበረም።

«ፈስ ይወጣሃል?» አሉት።

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። «ይወጣል» አለ በመጨረሻ፤ «እንዲያውም ብዙ ነው። ሲወጣልኝም ይቀለኛል።»

«እግዜር ይመስገን፤ እንግዲያውስ ቀስ ብለን እንነጋገራለን» አሉ።

አንባቢ ሆይ፤ አስቀድሜ የነገርኩዎ ጥያቄ ይህች ናት። ለምን ከሁሉ እንደምትቀድም ለመረዳት አስቀድሞ ድርቀት እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የበላነው ምግብ ቀጭኑን አንጀት አልፎ ወደ ትልቁ አንጀት ሲገባ እንደ ቀጭን አጥሚት ፈሳሽ ነው። በቀን ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ፈሳሽ ወደዚያ ይገባል። የትልቁ አንጀት ሥራ ይህን ውሃ መጥጦ ወደ ሰውነት መመለስ ነው፤ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከአንድ ቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ ነው። እንግዲህ ሰገራ በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። ድርቀት ማለት በአብዛኛው የመዘግየት ውጤት ነው።

መዘግየቱን የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እኛው ራሳችን ነን። ትልቁ አንጀት ሌሊት ያርፋል። ጠዋት ስንነሣና አንድ ነገር ስንቀምስ ግን ይነቃል፤ ሞቅ ያለ መጠጥና ቁርስ ወደ ጨጓራ ሲወርድ ትልቁ አንጀት ያለውን ወደ ታች ይገፋል። በቀን ውስጥ ከሁሉ የበረታው ጥሪ ይህ ነው። ያ ወጣት ግን በዚያች ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ጥሪው ሲመጣ ሰው ቢጨክንበት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ ሰገራውም እዚያው ቆይቶ መድረቁን ይቀጥላል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም የመጨረሻው የአንጀት ክፍል እየለመደው ይሄዳል፤ ጥሪውም ይደክማል። ስለዚህ «አይመጣብኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሲመጣበት የመለሰው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። በየቀኑ ያልወጣ ሰው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወጣም፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወጣም፣ ሰገራው ለስላሳ ከሆነና ካላስማጠው ጤነኛ ነው። ሊታይ የሚገባው ከለመዱት መለወጡ፣ መጠጠሩና ማስማጡ ነው።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ሲስተር የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ እንዲያመጣ አዘዙት። የሚታኘከውን የጨጓራ ክኒን ገልብጠው ሲያነቡ አሉሚንየም ያለበት ሆኖ አገኙት። አሉሚንየም ያለበት የጨጓራ ክኒን ያደርቃል፤ ማግኒዝየም ያለበት ደግሞ ያላላል። የሚያደርቁ ሌሎችም አሉ። የደም ማነስ ላለባት ሴት የሚሰጠው የብረት ክኒን፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ እንደ ትራማዶል ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሁሉ የአንጀትን ጉዞ ያዘገያሉ ወይም ያደርቃሉ። ጫትም እንዲሁ ነው፤ ቃሚው ስለ ምርቃናው ብዙ ያወራል፤ ሆዱ ስለ መታሰሩ ግን ዝም ይላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ ለአዘዘው ሐኪም መንገር ግን ይገባል። ወጣቱ ግን ክኒኑን ያዘዘው ራሱ ስለ ነበር ራሱ ተወው።

በነጋታው የቆሎና የተልባ ከረጢት ይዞ ሊመጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲስተር ከለከሉት። «በተዘጋ በር ላይ ዕቃ አይከመርም፤ መጀመሪያ በሩ ይከፈት» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። አምስት ቀን የደረቀ ሰገራ መውጫው ላይ ተቀምጦ ሳለ ከላይ ብዙ ገለባ ቢጨመር ሆድን ይነፋል እንጂ አይረዳም። ስለዚህ ከፋርማሲ ቢሳኮዲል የሚባለውን የሚያስቀምጥ ክኒን ባለ 5 ሚሊግራሙን አንዱን ብቻ ማታ ሲተኛ እንዲውጥ ነገሩት። ይህ ክኒን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል፤ ማታ የዋጠው ሰው ጠዋት ይወጣል። ለጥቂት ቀን እንጂ ለዘወትር የሚወሰድ አይደለም። ሆድን ብርቱ ሕመም ሲያመውና ንፋስ ሲጠፋ ደግሞ ጨርሶ አይወሰድም። ይህን በኋላ እናየዋለን።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣቱ ወጣ። ሲስተር ግን ሥራው ገና አሁን ተጀመረ አሉ።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። በውሃ ላይ ሰው ሁሉ ይስማማል፤ ዳሩ ግን ብዙው ሰው በተሳሳተ ምክንያት ነው። ቀድሞውኑ በበቂ የሚጠጣ ሰው ሌላ ሁለት ሊትር ቢጨምር ትርፉ በኩላሊት በኩል ይወጣል እንጂ ሰገራውን አያለሰልስም። ውሃ የሚጠቅመው ለጎደለበት ሰው ነው። የጎደለበት መሆኑንም በሽንቱ ያውቀዋል፤ ሽንቱ እንደ ጠጅ የጠቆረና ጥቂት ከሆነ ጎድሎበታል፤ እንደ ገለባ የነጣ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ የሚጠጣው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ብቻ ስለ ነበር በእርግጥ ጎድሎበታል። ሻይም ቡናም ከፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ቡናማ አንዳንዱን ሰው እንዲያውም ያስወጣዋል። በጠቅላላው በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ይበቃል። ጿሚ ሰው ደግሞ ከጾሙ ሰዓት በኋላና ከመተኛቱ በፊት ከፋፍሎ ይጠጣ፤ የጾም ምግብ ራሱ ሆድ አያደርቅም፤ የሚያደርቀው ውሃው አብሮ ሲጾም ነው። ልብና ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን የመጠጡን ልክ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁለተኛው አሰር ነው። አሰር ማለት ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው የእህል፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው፤ ገለፈቱ፣ ልጣጩና ዝልግልጉ። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ በዚያም ውሃ ይዞ ሰገራውን ያገዝፋል፤ ያለሰልሰዋልም። አንድ ሙሉ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ያስፈልገዋል። ቁጥሩ እንዳያስጨንቅዎ፤ አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ሙዝ 3 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ሲኒ ሙሉ የበሰለ ምስር ግን 15 ግራም ያህል ይይዛል። እንግዲህ ያ ወጣት ፓስታውን በምስር ወጥ ቢለውጠው ብቻ የቀኑን ግማሽ አገኘ ማለት ነው። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ገለፈቱ ያልተለየ ጤፍ ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። ሀብታም የሚበላው ነጭ ነገር ድሀውን ጸሐፊ ሲያስቀናው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ተልባስ? ተልባ ከድሮም ጀምሮ በየቤታችን ለዚህ የሚሰጥ ነው፤ አያቶቻችንም አልተሳሳቱም። የተልባ ፍሬ ውሃ ሲያገኝ የሚዝለገለግ ነገር ያወጣል፤ ይህም ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሳል። ተቆልቶ ከተወቀጠው አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ በላዩም ሌላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩበታል። ደረቁን መቃም ግን አይገባም፤ የሚያስፈልገውን ውሃ ካላገኘ እዚያው ያብጥና ነገሩን ያብሰዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ተልባውንና መድኃኒቱን በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ያራርቅ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አሰር ጥሩ ነው ሲባል ሰኞ በፓስታ የኖረ ሆድ ማክሰኞ በአንድ ሰሃን ባቄላና በሦስት ማንኪያ ተልባ ይሞላል። በአንጀት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ያን አሰር ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል፤ ሆድም ይነፋል። ሰውዬውም «አልተስማማኝም» ብሎ ወደ ነጭ ዳቦው ይመለሳል። ሲስተር ለወጣቱ ያዘዙት በየሦስት ቀኑ አንድ ነገር ብቻ እንዲጨምር ነበር። መጀመሪያ ምሳውን በምስር ለወጠ፤ ከዚያ ማታ ብርቱካን ጨመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተልባውን ጀመረ። አምቦ ውሃም ለሆድ መነፋት ይጠጣ ነበርና ተወው። የሚያንፏቅቅ ውሃ ያገሣል፤ የሚያስወጣው ግን ራሱ ያስገባውን ጋዝ ነው፤ በትልቁ አንጀት ያለውን አይነካም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ከ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተነሥቶ ሞቅ ያለ ነገር ከጠጣና ከቀመሰ በኋላ፣ ቢመጣም ባይመጣም፣ አሥር ደቂቃ ያህል ሳያምጥ እንዲቀመጥ ነገሩት። የቪላው መጸዳጃ ወንበር ስለ ሆነም ከእግሩ በታች አንድ ሻንቅላ የምታህል ዝቅተኛ በርጩማ እንዲያደርግ፣ ጉልበቱም ከወገቡ ከፍ እንዲል መከሩት። በገጠር ቁጢጥ ብለን ስንወጣ የነበረው አቀማመጥ መውጫውን ያቃናል፤ በወንበር ላይ ስንቀመጥ ግን ይታጠፋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣቱ በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየቀኑ መውጣት ጀመረ። ውሃ በላስቲክ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ፈውሱን ባገኘ ሰው ልማድ ለሰው ሁሉ ተልባ ማዘዝም ጀመረ።

አሰርን ካነሣን አይቀር፣ ይህን ነገር ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ በኡጋንዳ ለብዙ ዓመት የሠራ ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ የኡጋንዳ ገጠር ሰዎች ሰገራ በቀን ከ400 ግራም በላይ ሲመዝን፣ ነጭ ዱቄት የሚበሉት የእንግሊዝ መርከበኞች ሰገራ ግን ወደ 100 ግራም ብቻ እንደ ነበር፣ በአንጀታቸው ውስጥም ከእጥፍ በላይ ጊዜ እንደሚቆይ አሳዩ። በሲኤምሲ የሚኖረው ጸሐፊ የተወለደው በገጠሩ ሰው ምግብ ነው፤ የሚኖረው ግን በመርከበኛው ምግብ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ አሰር የሚበላው የገጠሩ ሰው ከሆድ ችግር ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የእርሱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ታሪካችንም ይኸው ነው።

ወጣቱ በዳነ በሳምንቱ አጎቱ ከጎጃም ገጠር ለጉዳይ መጡበት። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ብርቱ ገበሬ ናቸው። ከመጡ በሦስተኛው ቀን ሆዴ ተነፋ አሉ። ሁለት ቀን አልወጣሁም፤ ይቆርጠኛል አሉ። ወጣቱ ደስ አለው ማለት ይቻላል፤ የሚያውቀው በሽታ መጣለት። ተልባውን በጥብጦ፣ ከእርሱ የተረፈውንም ክኒን ይዞ «ጋሼ፣ ይኼን ይጠጡ፤ ነገ ጠዋት ያልፍልዎታል» አለ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ሆድ መነፋት፣ አለመውጣት፣ ቁርጠት። ደግነቱ ብርጭቆው ከአፋቸው ሳይደርስ ሲስተር ሰምተው ገቡ።

«አባቴ፣ ንፋስ ይወጣዎታል?» አሉ። ለሽማግሌ ሲሆን ቃሉን እንኳ አሳምረውታል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም እህቴ» አሉ አጎትየው። «ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። አሁን ደግሞ አስታወከኝ።»

ሲስተር ሆዳቸውን ገልጠው በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። አንዱ ጎኑ ከሌላው አብልጦ ወጥሯል። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖብዎ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለት ጊዜ ሆኖባቸው ያውቃል፤ ግን ከአንድ ቀን በኋላ በራሱ ብዙ ንፋስ ወጥቶ ለቋቸዋል። ሲስተር ብርጭቆውን ተቀብለው ደፉት። ምግብም፣ ውሃም፣ ክኒንም እንዳይቀምሱ አሉ፤ በዚያው ሰዓት ታክሲ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ይህ በሽታ በአማርኛ ብዙ ሰው «አንጀት ታጠፈ» የሚለው ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ጥምዝ፣ ሲግሞይድ የሚባለው ክፍል፣ በአንዳንድ ሰው ዘንድ ረጅምና ልል ነው። በብዙ ሰገራና ጋዝ ሲሞላ በገዛ ተራው ላይ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ከዚያ በኋላ በሁለት ወገን የታሰረ ከረጢት ይሆናል፤ ሰገራም ጋዝም አያልፍም፤ ይነፋል፣ ይወጥራል። በአውሮፓ ከአንጀት መዘጋት ጥቂቱን ብቻ የሚያመጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ አብዛኛውንም የሚይዘው ጎልማሳና አዛውንት የገጠር ወንዶችን ነው። አሰር የበዛበት ምግብ አንጀቱን በዕድሜ ብዛት አርዝሞታል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ይህ ግን ጸሐፊው ምስሩን እንዲተው አያደርገውም፤ የእርሱ ሆድ የሚያጣው ነገር ነውና።

የአጎትየው የራጅ ፎቶግራፍ ሲነሣ የተነፋው አንጀት አንድ ትልቅ የቡና ፍሬ መስሎ ታየ። ይህን ምስል ሐኪሞች በዓለም ሁሉ የሚጠሩት በቡና ፍሬ ስም ነው። ተረኛው ሐኪም በመቀመጫቸው በኩል ቀጭን ቱቦ በጥንቃቄ አስገብቶ የተጠመዘዘውን አልፎ ሲደርስ ጋዙ በብርቱ ወጣ፤ ሆዳቸውም በደቂቃዎች ውስጥ ዝቅ አለ። እንዲህ የሚደረገው አንጀቱ ገና በሕይወት ሳለ ነው። ጠመዘዛው የደሙን መንገድ ከዘጋው አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፤ ከዚያም ቱቦ አይሆንም፤ ሆድ በአስቸኳይ ተከፍቶ የሞተው ክፍል ይቆረጣል። ቱቦው ብቻውን ደግሞ መጨረሻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠመዘዛልና፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ያን ረጅም ጥምዝ በቀዶ ሕክምና አወጡላቸው።

እንግዲህ ተልባው ቢጠጣ ኖሮስ? የሚያስቀምጥ መድኃኒት አንጀትን የሚያሠራው በመግፋት ነው። መውጫ ሳይኖር ሲገፋ ሕመሙ ይበረታል፤ ትውከቱም ይብሳል፤ የደከመውም አንጀት ሊቀደድ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን «ነገ ያልፋል» ተብሎ ሌሊቱ ይባክናል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ሆድ ደርቆ ሲነፋ ቀን ከመቁጠርዎ በፊት ይህን ያስተውሉ። ንፋስ ጨርሶ ከቆመ፣ ሆዱ ከወጠረ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም ማስታወክ ከተጨመረ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነም በዚያ በኩል። ትኩሳት ከታከለበት ወይም ሆድ ሲነካ እንደ ሳንቃ ከደረቀ እንዲሁ ነው። ከዚህ በፊት ሆዱ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሰውም ይህ ሲደርስበት ይበልጥ ይፍጠን፤ የድሮው ጠባሳ አንጀትን ሊያንቅ ይችላል። ወገቡን አሞት እግሩ የደነዘዘና ሽንቱም የታገደበት ሰው ደግሞ ምክንያቱ ሆዱ ሳይሆን አከርካሪው ሊሆን ይችላልና አይዘግይ።

ሌሎች ምልክቶች ደግሞ በሌሊት የማያስሮጡ፣ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ከሰገራ ጋር ደም መታየት አንዱ ነው። ድርቀት ባለበት ሰው በወረቀት ላይ የሚታይ ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ የመውጫው መሰንጠቅ ወይም ኪንታሮት ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚወስነው ያየው ሐኪም እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ ከላይ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላልና እንዲያውም በዚያው ቀን ይታይ፤ የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደሚጠቁር ግን ይወቅ። ሳይፈልጉት መክሳት፣ ደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ በወላጅ ወይም በወንድም ላይ የአንጀት ካንሰር መኖሩ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ባለፈ ሰው ላይ ልማዱ ተለውጦ ሳምንታት መቆየቱ፣ ሁሉም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ወጣት ቢሆኑም ውሃውን፣ አሰሩንና ሰዓቱን አስተካክለው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ይሂዱ።

ምርመራው ምን እንደ ሆነ ቀድሞ ማወቅ ፍርሃትን ያቀላል። ሐኪሙ ሆድዎን ይዳስሳል፤ ደምና ሰገራ ያስመረምራል፤ ጓንት አጥልቆም በአንድ ጣቱ መውጫውን ይፈትሻል። ይህ የመጨረሻው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሰው ግን እርሱን ፈርቶ ዓመት ይቆያል። ከመሄድዎ በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሰገራው ምን እንደሚመስል፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነስሙ።

አጎትየው ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን በግቢያችን ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ወጣቱ ከሥራ ሲመለስ የመጀመሪያው ሰላምታው «ጋሼ፣ ዛሬስ ንፋስ ወጣ?» ሆኗል። አጎትየው መጀመሪያ ላይ ይቆጡ ነበር። አሁን ግን «ወጣ፤ ሁለት ጊዜ» ብለው በኩራት ይመልሱለታል።